ካስኮድ ሠርቼ 20 ኪሎኸርዝ ብቻ አተረፈልኝ፦ የአንድ ክር ጉዞ

አንድ የኤሌክትሮኒክስ የውይይት መድረክ ላይ ክሩን የከፈተው የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነው። ብሬድቦርድ ላይ ሁለት ማጉያ ሠርቷል። አንዱ ተራ ኮመን ኤሚተር ነው፣ ሌላው ሁለት ትራንዚስተር አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደሩበት ካስኮድ። ሁለቱም በ2N3904 የተሠሩ ናቸው፣ በ12 ቮልት ይሠራሉ፣ በትራንዚስተሩ ውስጥ 1 ሚሊአምፒር ያልፋል፣ ኮሌክተር ላይ ደግሞ 4.7 ኪሎ ኦም አለ። በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የሁለቱም ጌይን 180 አካባቢ ወጣለት። ከዚያ ፍሪኩዌንሲውን እየጨመረ፣ ውጤቱ ወደ 70 በመቶ የሚወርድበትን ቦታ፣ ማለትም ባንድዊድዙን፣ ፈለገ። ተራው 290 ኪሎኸርዝ ላይ ወደቀ። ካስኮዱ 310 ላይ።

ልጁ ተናዷል። መምህሩ ካስኮድ ባንድዊድዙን ብዙ እጥፍ ያሳድጋል ብሎ አስተምሮታል። ታዲያ ለ20 ኪሎኸርዝ ነው ወይ ሁለተኛ ትራንዚስተር የሚጨመረው፣ ነገሩ የመጽሐፍ ወሬ ነው ብሎ ደመደመ። የሰርኪዩቱን ፎቶ ለጠፈ። ሥራው ንጹህ ነው፣ ሽቦው አልተዝረከረከም። የኦሲሎስኮፑ ፕሮብ ግን በፎቶው ጠርዝ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል። በኋላ ነገሩ ሁሉ እዚያ ጋ መሆኑ ታወቀ።

ምላሽ 1 ጨዋ ነው፣ በግማሹም ልክ ነው። ካስኮድ የውጤት ረዚስታንሱ በጣም ትልቅ ስለሆነ ጌይኑ ያድጋል፣ ባንድዊድዙም በዚያው ያድጋል ይላል። የመጀመሪያው ነገር እውነት ነው። ከላይ ያለው ትራንዚስተር በኮሌክተሩ በኩል ሲታይ ረዚስታንሱ ሜጋ ኦም ውስጥ ይገባል። የቀረው ግን አይከተልም።

ምላሽ 2 ጥያቄውን ሳይጨርስ የመለሰ ሰው ነው። ሁለት ማጉያ ተከታትለው የተቀጠሉ መስሎታል። 180 በ180 አባዝቶ ጌይኑ ከ32 ሺህ በላይ መሆን ነበረበት፣ ባንድዊድዙም መጥበብ ነበረበት ብሎ አስጠነቀቀ። ላልተጠየቀ ጥያቄ ጥሩ መልስ ነው።

ምላሽ 3 ጀርመን አገር በሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ሥራ ላይ ያለች እህት ናት። መጀመሪያ ቁጥር 1ን በትህትና አረመችው። ከላይ ያለው ረዚስታንስ ሜጋ ኦም ቢሆንም ጎኑ 4.7 ኪሎ ኦም ተቀምጧል፣ ስለዚህ ጌይኑን የሚወስነው እሱ ነው፤ ልጁ ራሱ ሁለቱንም 180 አድርጎ ለክቷቸዋል አለች። ደግሞም ውጤቱ ላይ ያለ ረዚስታንስ ሲያድግ ባንድዊድዙ ይጠባል እንጂ አይሰፋም።

ከዚያ ወደ ዋናው ገባች። በትራንዚስተሩ ቤዝና ኮሌክተር መካከል ትንሽ ካፓሲታንስ አለ። 2N3904 ላይ 3 ፒኮፋራድ አካባቢ ነው። ብቻውን ሲታይ ምንም አይደለም። ችግሩ አንደኛው ጫፉ ግቤቱ ላይ፣ ሌላኛው ውጤቱ ላይ መሆኑ ነው። ቤዙ በ1 ሚሊቮልት ከፍ ሲል ኮሌክተሩ በ180 ሚሊቮልት ዝቅ ይላል። ካፓሲተሩ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል የ181 ሚሊቮልት ለውጥ ያያል። ያንን ለመሙላት የሚያስፈልገው ከረንት ደግሞ ሌላ ምንጭ የለውም፣ የሚመጣው ከቤዙ በኩል ነው። ስለዚህ ግቤቱን የሚነዳው ምንጭ 3 ፒኮፋራድ ሳይሆን 540 የሚያህል ካፓሲተር የተሸከመ ይመስለዋል። ሚለር ከመቶ ዓመት በፊት በቫልቭ ላይ ያሳየው ይህንኑ ነው።

ካስኮዱ የሚሠራውን እንዲህ አስረዳች። የታችኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር ከላይኛው ኤሚተር ጋር ተያይዟል። ያ ኤሚተር በ1 ሚሊአምፒር ላይ ወደ ውስጥ ሲታይ 26 ኦም ብቻ ነው። ስለዚህ የታችኛው ትራንዚስተር የቮልቴጅ ጌይን 180 መሆኑ ቀርቶ 1 ብቻ ይሆናል። ቤዙ 1 ሚሊቮልት ሲነሳ ኮሌክተሩ 1 ሚሊቮልት ይወርዳል፣ አለቀ። ያ 3 ፒኮፋራድ ሁለት እጥፍ ብቻ ሆኖ 6 ይመስላል። ከረንቱ ግን አልጠፋም፤ በላይኛው ትራንዚስተር አልፎ 4.7 ኪሎ ኦሙ ላይ ይደርሳል፣ 180ውም እዚያ ይገኛል። የላይኛው ትራንዚስተር የራሱ 3 ፒኮፋራድም አለው፣ ግን ቤዙ በካፓሲተር ግራውንድ ስለተደረገ ወደ ግቤቱ የሚመለስበት መንገድ የለውም።

ምላሽ 4 የልጁ ነው። ትንሽ ቆጣ ብሏል። ይህንን ሁሉ ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፣ የጠየቅኩት ለምን አይሠራም እንጂ እንዴት ይሠራል አይደለም አለ። እውነቱን ነው። ማብራሪያው አንጀት የሚያርስ ቢሆንም 290 እና 310ን አልነካም።

ምላሽ 5 አዲስ አበባ ረጅም ዘመን ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፣ መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ሁለት አጭር ጥያቄ ብቻ ጣሉ። ፕሮቡ ላይ ያለችው ማብሪያ 1X ላይ ናት ወይስ 10X ላይ? ሲግናሉስ ቤዙ ጋ የሚደርሰው በስንት ኦም በኩል ነው?

ምላሽ 6 ልጁ መለሰ። ፕሮቡ 1X ላይ ነው፣ ቁጥሩን በአሥር ማባዛት ስላስቸገረው። ሲግናሉ ደግሞ ከጄኔሬተሩ በ1 ኪሎ ኦምና በ51 ኦም ተከፋፍሎ ይገባል፣ ጄኔሬተሩ በበቂ ሁኔታ ትንሽ ሲግናል ስለማይሰጥ።

ምላሽ 7 አንድ ስለታም ሰው ገባ። 1X ፕሮብ ይዞ ስለ ባንድዊድዝ የሚያወራ ሰው መጀመሪያ መለኪያውን ይማር አለ። ሁለት ሰዎች ወዲያው ተቆጡት፣ አንዱም ተማሪ ካልጠየቀ ማን ይጠይቃል አለው። የሰውየው ጠባይ የማይወደድ ነው። ነገሩ ግን ውሸት አልነበረም።

ምላሽ 8 ላይ እህታችን ተመልሳ ሒሳቡን ሠራችው። ለእኔ የክሩ እምብርት ይህ ነው።

1X ላይ ያለ ፕሮብ ከነገመዱና ከኦሲሎስኮፑ ግቤት ጋር 100 ፒኮፋራድ ያህል ያስከትላል። የብሬድቦርዱንና የትራንዚስተሩን 8 ጨምሩበት። ይህ ሁሉ የሚሞላው በ4.7 ኪሎ ኦም በኩል ነው።

```
f = 1/(2πRC)
R = 4700 Ω, C = 108 pF
f ≈ 313 kHz
```

የልጁ 310 ይኸው ነው። የለካው ካስኮዱን ሳይሆን ፕሮቡን ነው። ውጤቱ በራሱ ፕሮብ ታንቆ እያለ፣ ግቤቱ ላይ ምንም ተአምር ቢሠራ አይታይም።

ሁለተኛው ነገር የምንጩ ረዚስታንስ ነው። የሚለር ካፓሲታንስ ጉዳት የሚያደርሰው የሚሞላው በትልቅ ረዚስታንስ በኩል ሲሆን ነው። 2N3904 ላይ ቤዝና ኮሌክተር ጎን ለጎን ያሉ እግሮች ናቸው፤ ብሬድቦርድ ላይም ጎረቤት መስመር ላይ ይሰካሉ። እነዚያ ሁለት መስመሮች ብቻቸውን 2 ፒኮፋራድ ያህል ይጨምራሉ፣ ያውም በመጥፎው ቦታ። 3 የነበረው 5 ይሆናል። በ181 ሲባዛ 900 ይሻገራል። የቤዝና የኤሚተሩ 25 አካባቢ ሲጨመር ጠቅላላው 930 ገደማ ነው። ግን ልጁ በ50 ኦም ስለነዳው ይህ ሁሉ የሚያግደው ከ3.4 ሜጋኸርዝ በላይ ነው። ከ310 ኪሎኸርዝ ጋር ሲነጻጸር ሩቅ አገር ነው። ለዚያ ነው ተራው ማጉያ ከካስኮዱ በ20 ኪሎኸርዝ ብቻ ያነሰው።

ስለዚህ አለች፣ እውነተኛ ሰርኪዩት ውስጥ ከፊቱ ያለው ደረጃ 50 ኦም አይሆንም። ከቤዙ ፊት 1 ኪሎ ኦም በተከታታይ አስገባ፣ ፕሮቡን 10X ላይ አድርግ፣ እንደገና ለካ። ቁጥሮቹንም አስቀድማ ገመተችለት፤ ተራው 200 ኪሎኸርዝ አካባቢ፣ ካስኮዱ 1.5 ሜጋኸርዝ አካባቢ።

ምላሽ 9 ክሩን ወደ ሌላ ሰፈር ወሰደው። ሰውየው የድምፅ ማጉያ ያከራያል፣ የማይክሮፎኑ ቅድመ ማጉያ ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ እያሰማ አስቸግሮታል። ካስኮድ ቢያስገባበት ይጠፋ እንደሆነ ጠየቀ። ምላሽ 10 በአጭሩ መለሰለት፤ የሰው ጆሮ 20 ኪሎኸርዝ ላይ ያበቃል፣ ተራው ማጉያ እንኳ 200 ይደርሳል፣ ችግርህ የባንድዊድዝ አይደለም፣ የመጀመሪያውን ትራንዚስተርና ገመዱን ተመልከት አለው። ሰውየው አመስግኖ ስለ ኪራይ ዋጋ ማውራት ጀመረ። ሦስት ምላሾች በዚያው ሄዱ፣ እዘላቸዋለሁ።

ምላሽ 14 ልጁ በማግስቱ ተመልሶ የጻፈው ነው። ተራው 205 ኪሎኸርዝ፣ ካስኮዱ 1.5 ሜጋኸርዝ። ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። 1 ኪሎ ኦሙ ስለገባ ጌይኑ በሁለቱም ላይ ወደ 130 ወርዷል፣ እሱ የሚጠበቅ ነው፤ ሲግናሉ ከ1 ኪሎ ኦሙና ከትራንዚስተሩ ግቤት መካከል ተካፍሏል። በደስታ የተጻፈ መልእክት ነው፣ መጨረሻው ላይ ግን ጥሩ ጥያቄ አለ። ግቤቱ ሲሰላ ካስኮዱ 6 ሜጋኸርዝ ድረስ መሄድ ነበረበት፣ ለምን 1.5 ላይ ቆመ?

ምላሽ 15 የጋሼ ነው። ሚለርን ስታስወጣው ወረፋ ይዞ የሚጠብቀው ውጤቱ ነው አሉ። 10X ፕሮብም ቢሆን 13 ፒኮፋራድ ያህል አለው፣ ከሌላው ጋር 21 ይሆናል፣ ያ በ4.7 ኪሎ ኦም ላይ 1.6 ሜጋኸርዝ ነው። ካስኮድ ይህንን አይነካም። ሁለት መንገድ አለ። ወይ ኮሌክተር ላይ ያለውን ረዚስተር አሳንስ፣ ጌይንህንም አብረህ ሽጥ። ወይ ውጤቱ ላይ ሲግናሉን ሳያጎላ የሚያሳልፍ ኤሚተር ፎሎወር ጨምርና ፕሮቡን በእሱ ላይ ስካ፣ 4.7 ኪሎ ኦሙ ፕሮቡን እንዳያይ።

ከዚያ ትንሽ ተዝናኑ። በቫልቭ ዘመን የቴሌቪዥን ቱነር ውስጥ PCC84 የምትባል ሁለት ትራዮድ የያዘች ቫልቭ እንደነበረች፣ ሁለቱ ትራዮዶችም ልክ እንዲህ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው ይሠሩ እንደነበር አወሱ። ፔንቶድ ብዙ ያጎላል ግን ይጮሃል። ትራዮድ ጸጥተኛ ነው ግን በሚለር ይሞታል። ሁለት ትራዮድ በካስኮድ ሲሆን ጸጥታውም ጉልበቱም ይገኛል። ይህ መንገድ በ1948 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዋልማን ከባልደረቦቹ ጋር ጫጫታው ዝቅተኛ ስለሆነ ማጉያ ከጻፈ በኋላ የተስፋፋ መሆኑንም ጨመሩ።

ምላሽ 16 ልጁ ፎሎወሩን ጨመረ፣ 2.5 ሜጋኸርዝ አገኘ። ግን አዲስ ችግር መጣ። የኦሲሎስኮፑ መስመር ወፈረ፣ እንደ ሱፍ ክር ጸጉራም ሆነ። እጁን ወደ ሰርኪዩቱ ሲያስጠጋ ኮሌክተሩ ላይ ያለው 7.3 ቮልት ይንቀሳቀሳል። እጅ ሳይነካው።

ምላሽ 17 ጋሼ ወዲያው አወቁት። እየዘፈነ ነው አሉ። የላይኛው ትራንዚስተር በ100 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ በራሱ ኦሲሌት እያደረገ ነው፣ የተማሪ ኦሲሎስኮፕ ያንን በቅጡ ስለማያሳይ መስመሩ ወፍሮ ብቻ ይታያል። ዲሲ ቮልቴጁ በእጅ መጠጋት መንቀሳቀሱ ደግሞ ማስረጃው ነው። ምክንያቱ የቤዙ ካፓሲተር ነው። ልጁ 10 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮሊቲክ በረጃጅም እግር አድርጎ ተክሎታል። በዚያ ፍሪኩዌንሲ ረጅም እግር ማለት ኮይል ማለት ነው፣ ቤዙም ግራውንድ ላይ አይደለም። 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ እግሩን አሳጥረህ ቤዙ ጎን ተክል፣ ቤዙ ላይ 33 ኦም በተከታታይ አስገባ አሉት። 33 ኦሙ ባንድዊድዙን እምብዛም አይጎዳም፣ ዘፈኑን ግን ያስቆማል።

እህታችን እዚህ ላይ አንድ ነገር አከለች። ያ ካፓሲተር ከነጭራሹ ቢረሳ ሰርኪዩቱ ይሠራል፣ ጌይኑም ብዙም የማይቀንስ ይመስላል፣ ሰው አያውቀውም። ግን ለላይኛው ቤዝ ቮልቴጅ የሚሰጠው ማካፈያ ረዚስታንስ በትራንዚስተሩ የከረንት ጌይን፣ በቤታ፣ ተካፍሎ ከ26 ኦሙ ጋር ይደመራል። ማካፈያው 10 ኪሎ ኦም ከሆነ 26 የነበረው ከ100 በላይ ይሄዳል፣ የታችኛው ትራንዚስተር ጌይንም 1 መሆኑ ቀርቶ ወደ 4 ወይም 5 ይጠጋል። ሚለር በጓሮ በር ይመለሳል ማለት ነው። ለመለየት ፕሮቡን ሁለቱ ትራንዚስተሮች በሚገናኙበት ቦታ ስካ፤ እዚያ ላይ የምታየው ሲግናል ቤዙ ላይ ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት። ከበለጠ የላይኛው ቤዝ ግራውንድ አልሆነም።

ምላሽ 19 ልጁ መስመሩ እንደቀጠነ ጻፈ። 2.5 ሜጋኸርዙም እንዳለ ነው።

ሁሉም አልቋል ሲባል ቁጥር 7 ያለው ስለታም ሰው ምላሽ 20 ላይ ተመለሰ። ይህን ጊዜ የያዘው ነገር ክብደት ነበረው። ካስኮድ ሁለት ትራንዚስተር ይበላል። እነዚያን ሁለት ትራንዚስተሮች ሌላ መንገድ ብታስቀምጧቸውስ አለ። ከተራው ኮመን ኤሚተር ፊት ኤሚተር ፎሎወር አድርጉ። 1 ኪሎ ኦሙ በፎሎወሩ ሲያልፍ በቤታ ተካፍሎ 10 ኦም አካባቢ ይሆናል፣ የፎሎወሩ 26 ተጨምሮ 36። ያ 930 ፒኮፋራድ በ36 ኦም ሲሞላ ከ4.5 ሜጋኸርዝ በላይ ይሄዳል። ሚለር ካፓሲተሩ እንዳለ ነው፣ ግን ማን ይፈራዋል። በተጨማሪ 1 ኪሎ ኦሙ ሲግናሉን ስለማይበላ ጌይኑ 130 ሳይሆን ወደ 180 ይጠጋል። ደግሞም ካስኮድ የታችኛውን ትራንዚስተር ለማቆየት 2 ቮልት ያህል ይወስዳል። 12 ቮልት ላይ አይታወቅም፣ 3.3 ቮልት ላይ ግን ያማል።

ምላሽ 21 እህታችን ሒሳቡ ትክክል ነው አለች፣ አላመነታችም። ግን ሁለት ነገር አልተቆጠረም ብላ ተከራከረች። ፎሎወር ትልቅ ካፓሲታንስ ሲሸከም እንደ ተመታ ደወል የመወዛወዝ ልማድ አለው፣ 930 ፒኮፋራድ ደግሞ ትንሽ ሸክም አይደለም። ሁለተኛውና ለእሷ ዋናው፣ ያ 5 ፒኮፋራድ አሁንም ውጤቱን ከግቤቱ ጋር እንዳገናኘ ነው። ሬዚስተር በጭነትነት ሲኖር ችግር የለም። ኮሌክተር ላይ ኮይልና ካፓሲተር ሲቀመጥ ግን፣ ሬዲዮ ውስጥ እንደሚደረገው፣ ውጤቱን ስትቃኝ የግቤቱ ቅኝት አብሮ ይንሸራተታል፣ አንዳንዴም ማጉያው ኦሲሌተር ይሆናል። ካስኮድ ያንን መንገድ ይዘጋዋል።

ምላሽ 22 ሰውየው አልተረታም። የልጁ ሰርኪዩት ውስጥ ኮይል የታለ፣ የተጠየቀው ስለ ባንድዊድዝ ነው አለ። እሷም መለሰች፣ እሱም መለሰ። ቃላቱ እየሾሉ ሄዱ። እሱ የሬዲዮ ሰዎች ሁሉን ነገር በአንቴና ዓይን ያያሉ ሲል፣ እሷ ደግሞ የኦዲዮ ሰዎች ከ1 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ዓለም አይታያቸውም አለች። አወያዩ ገብቶ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ሰርኪዩት እንድትነጋገሩ ብሎ ሁለት መልእክት አጠፋ። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ፣ ነገር ግን የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው።

ምላሽ 26 ላይ አንድ አዲስ ሰው መርካቶ የሚሸጡት 2N3904ዎች ሁሉ እውነተኛ እንዳልሆኑ፣ እግራቸውም አንዳንዴ ተገልብጦ እንደሚመጣ አነሳ። ወሬው ወደ የትኛው ሱቅ ይሻላል ሄደ። ጋሼ ገዝታችሁ ሳትተክሉ በፊት በመልቲሜትር እግሩን ለዩ፣ ቤታውን ለኩ ብለው ወጡ።

ምላሽ 29 የልጁ የመጨረሻ መልእክት ነው። ፎሎወሩን ከፊት አድርጎ ሞክሮታል፣ ከውጤቱ ላይ ያለውን ፎሎወር አንስቶ፣ በ10X ፕሮብ። 1.4 ሜጋኸርዝ አገኘ፣ ጌይኑ ከ170 በላይ። ካስኮዱ በዚያው አለካክ 1.5 ነበር። ቁጥር 7 በአንድ ቃል አሸነፍኩ አለ። እህታችን የካሬ ሞገድ አስገባና ጠርዙ ላይ የሚደውል ነገር ካለ አሳየን፣ ከዚያ 4.7 ኪሎ ኦሙን አንስተህ ኮይል ተክልና እንነጋገራለን አለችው። ልጁ ላቦራቶሪው ውስጥ የሚስማማ ኮይል እንዳላገኘ ጻፈ። ጋሼ ከአሮጌ ሬዲዮ አንድ ላውጣልህ ወይ ብለው ጠየቁት።